ምዕራፍ አምስት፦ ሠላሳው ከየት መጣ?

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በር የደረሰ መኪና ዋናውን መንገድ ከቀጠለ ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከታጠፈ ግን ደጋውን እንደያዘ ወደ መንዝ፣ ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ ይዘልቃል። በዚህ መንገድ ላይ አንድ ሾፌር መኪናውንም ጎማውንም ሳይቀይር፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት የተለያዩ የፍጥነት ወሰኖች ሊያልፍ ይችላል። ሜዳው ላይ ሰማንያ፣ ኩርባው ላይ ሃምሳ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሠላሳ። ብዙ ሾፌሮች ሦስቱን ቁጥሮች አንድ ባለሥልጣን ቢሮው ቁጭ ብሎ እንደ ፈቀደው የጻፋቸው አድርገው ይቆጥሯቸዋል። እውነቱ ግን የየቁጥሩ ምንጭ የተለያየ ነው። አንዱ የተወለደው ከመሬቱ፣ ሌላው ከሕግ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከልጆች ዓይንና አጥንት ነው።

ከመሬቱ እንጀምር። መንገድ ገና በወረቀት ላይ ሳለ መሐንዲሱ የሚመርጠው የመጀመሪያ ነገር የንድፍ ፍጥነት ይባላል። ይህ መንገዱ በምቾትና ያለ አደጋ ሊያስተናግደው የታሰበው ፍጥነት ነው፤ የኩርባው ስፋት፣ የዳገቱ ልክና ሾፌሩ አሻግሮ ማየት ያለበት ርቀት ሁሉ የሚቀዱት ከእሱ ነው። የኢትዮጵያ መንገዶች የጂኦሜትሪ ንድፍ መመሪያ መሬቱን ለጥ ያለ፣ ወጣ ገባ፣ ተራራማና ገደላማ እያለ ይከፍለዋል። አከፋፈሉ ደስ የሚል ነው፤ ካርታ ይዘረጋና በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ በየ5 ሜትሩ የተሰመሩ ስንት የከፍታ መስመሮች እንደሚቆረጡ ይቆጠራል። እስከ 10 ከሆኑ መሬቱ ለጥ ያለ ነው፤ ከ50 ካለፉ ገደል ነው። ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣውን የመርሐቤቴ መንገድ ያየ ሰው መስመሮቹ እዚያ እንዴት ተደራርበው እንደሚታዩ መገመት አያቅተውም። ሸለቆው ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል።

መሬቱ ለምን ፍጥነትን እንደሚወስን ለማየት አንድ ኩርባ ይበቃል። መኪና ሲታጠፍ ወደ ውጭ የሚገፋውን ኃይል የሚቋቋሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጎማው አስፋልቱን የሚይዝበት አቅምና መንገዱ ወደ ውስጥ የተሰጠው ዝንባሌ። መሐንዲሶች ሁለቱን ደምረው ሲያሰሉት፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ወደ 80 ሜትር ራዲየስ ያለው ኩርባ ይበቃዋል። ፍጥነቱ 80 ሲሆን ግን ወደ 230 ሜትር ያስፈልጋል። ፍጥነቱ እጥፍ እንኳ ሳይሆን ኩርባው ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ሰፋ፤ ምክንያቱም ስሌቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚወጣው ቁጥር ነው። በጀማ ገደል ላይ 230 ሜትር ራዲየስ ያለው ኩርባ ለማውጣት ተራራ መቁረጥ ይጠይቃል። ገንዘቡም መሬቱም እሺ ስለማይሉ ኩርባው ይጠባል፤ ከእሱ ጋር የሚፈቀደው ፍጥነት ይወርዳል። እዚህ ላይ ሾፌር አይከራከርም። ኩርባውን እያየው ነው፤ ገደሉም ከጎኑ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ሕግ ነው። በሚኒስትሮች ምክር ቤት በወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ላይ የነበረውን ሠንጠረዥ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ለፈተና ሸምድዶታል። ከ3,500 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ተሽከርካሪ በከተማ ውስጥ 60፣ ከከተማ ውጭ በአንደኛ ደረጃ መንገድ 100፣ በሁለተኛ 70፣ በሦስተኛ 60። ከ7,500 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነው ደግሞ በከተማ 30፣ ከከተማ ውጭ 70፣ 50 እና 40። በመሐል ያሉት በመሐል ይወድቃሉ። ይህ ጣሪያ ነበር፤ ምልክት ዝቅ ያለ ቁጥር ካሳየ የሚገዛው ምልክቱ ነው፤ ጉም ወይም ዝናብ ወይም መንጋ ካለ ደግሞ ሾፌሩ ከምልክቱም በታች መውረድ ይጠበቅበታል።

ሠንጠረዡን ረጋ ብሎ ያየው ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። አንደኛው፣ ከተማ ሲገቡ ፍጥነት መቀነስ ያረጀ ሐሳብ መሆኑ ነው። እንግሊዞች በ1865 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ በእንፋሎት የሚሄድ ተሽከርካሪ በገጠር በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር፣ በከተማ የዚያ ግማሽ ብቻ እንዲሄድ፣ ከፊቱም ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ እንዲቀድም አዝዘው ነበር። በሕጉ ብዙ ተስቆበታል፤ ከተማና ገጠርን መለየቱ ግን ትክክል ነበር። ሁለተኛው ነገር ለእኛ ይብሳል፦ «ከተማ» የሚለው ቃል በመንዝ መንገድ ላይ የት ይጀምራል? ደጋው ላይ ሰው የሚኖረው በከተማ ወሰን ተከልሎ አይደለም። መንደሩ መንገዱን ተከትሎ ተዘርግቷል፤ ትምህርት ቤቱ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው በሚሻገሩበት መሐል ቆሟል፤ ከከተማው መግቢያ ታፔላ ውጭ ነው። በወረቀት ላይ ያ ቦታ «ከከተማ ውጭ» ነው፤ ስለዚህ ምልክት ካልተተከለ ሚኒባሱ በከተማ ከሚፈቀድለት በላይ ቢበር ሠንጠረዡ አይከለክለውም ነበር።

ችግሩን ያባባሰው ደግሞ በጎ ነገር ነው። የደጋው መንገድ ጠጠር በነበረበት ዘመን ፍጥነትን የሚወስነው ጠጠሩ ራሱ ነበር። ጉድጓዱና አቧራው ማንም ሳይጽፈው 30 ብሎ ያዝዝ ነበር። መንገዱ ሰፍቶ አስፋልት ሲለብስ መኪናው ፈጠነ፤ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና ገበያው ግን እዚያው ቀሩ። አስፋልት ሲመረቅ ሁላችንም እናጨበጭባለን፤ ጠጠሩ በነጻ ሲሠራው የነበረውን ሥራ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በሌሎች አገሮች ወሰን የሚቀመጥበት አንድ ታዋቂ ዘዴ አለ። ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ መንገድ ዳር ቆመው ፊት ለፊታቸው ሌላ መኪና የሌለባቸውን መቶ ያህል ተሽከርካሪዎች ፍጥነት ይለካሉ፤ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ይደረድሩና 85ኛውን ያነባሉ። ከሾፌሮች አብዛኛው አእምሮ ያለው ነው፣ የሚያጠፉት የመጨረሻዎቹ አሥራ አምስቱ ናቸው የሚል እምነት ነው ከጀርባው ያለው። ለሰው አልባ ረጅም መንገድ ክፉ አይደለም። ለትምህርት ቤት በር ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ጨርሶ የተገለበጠ ጥያቄ ነው። ሾፌሩ የሚሰማውን ደኅንነት ይለካል እንጂ የሚሻገረውን ልጅ ደኅንነት አይለካም። በዚያ ላይ ራሱን እያሳደገ ይሄዳል፦ ሰው ሲፈጥን ወሰኑ ይነሳል፣ ወሰኑ ሲነሳ ሰው የበለጠ ይፈጥናል። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠቅሰው ስሌት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሕይወት የሚቀጥፍ አደጋ በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ የሚነሳ ወሰን ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ሦስተኛው ምንጭ ጋ ደረስን። ሠላሳው የሚወጣው ከዚህ ነው።

በመንዝ ደጋ በአንዱ መንገድ ዳር የቆመ ትምህርት ቤት እናስብ። በሩ በቀጥታ ወደ አስፋልቱ ይከፈታል። ከበሩ አጠገብ አንድ አይሱዙ ቆሞ ገብስ እየጫነ ነው። ልጁ ከአይሱዙው አፍንጫ ሥር ብቅ ሲል፣ ከሚመጣው መኪና ጋር ያላቸው ርቀት 18 ሜትር ነው። አስፋልቱ ደረቅ፣ መንገዱ ለጥ ያለ፣ ፍሬኑ ጥሩ፣ ሾፌሩም ንቁ ነው እንበል። ነገሩን ሁሉ ለሾፌሩ አመቻችተንለታል።

ሰው አደጋ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰኮንድ ተኩል ያህል ያልፋል። በዚያ ጊዜ መኪናው ምንም ሳይቀንስ ይሄዳል። በሰዓት 30 የሚሄድ መኪና በዚህ ጊዜ 12 ሜትር ተኩል ይጓዛል፤ ከዚያ ፍሬኑ ይዞ 5 ሜትር ሄዶ ይቆማል። ድምሩ 17 ሜትር ተኩል። ልጁና መከላከያው በግማሽ ሜትር ተራራቁ። ሾፌሩ ይሳደባል፣ ልጁ ይደነግጣል፣ ቀኑ ይቀጥላል።

አሁን ፍጥነቱን 40 እናድርገው። አሥር ብቻ ነው የጨመርነው። እግሩ ፍሬን እስኪነካ መኪናው ወደ 17 ሜትር ሄዷል። የቀረው አንድ ሜትር ጥቂት ነው፤ በዚያ ውስጥ ፍሬኑ የሚቀንሰው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ልጁን በ37 ይመታዋል። በ50 ከሆነ ሾፌሩ ፍሬኑን ገና ሳይነካ 18ቱ ሜትር አልቋል፤ ልጁ የሚመታው በሙሉ 50 ነው። በ60ም እንዲሁ፤ ያ መኪና ለመቆም 45 ሜትር ያህል ይፈልግ ነበር። አንድ መኪና ከልጁ ፊት ሙሉ በሙሉ በቆመበት ቦታ ላይ ሌላው ፍሬን እንኳ አልያዘም። ሾፌሮች «ትንሽ ብፈጥን ትንሽ ብቻ ነው የምመታው» ብለው ያስባሉ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን አሥር ኪሎ ሜትር ማለት በመምታትና ባለመምታት መካከል ያለ ልዩነት እንደሆነ ከመሪው ጀርባ ሆኖ አይታይም።

ይህ ብቻ ቢሆን፣ ርቀቱ ጥቂት ሜትር በሚረዝምበት በር ላይ ወሰኑን 35 ማድረግም ይቻል ነበር። የቀረውን የሚወስነው አካል ነው። የሰው አካል በ30 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች የሚመጣን ግጭት አብዛኛውን ጊዜ ይሸከማል፤ ከዚያ በላይ ጉዳቱ በፍጥነት ይከብዳል፤ ምክንያቱም የግጭት ጉልበትም እንደ ኩርባው ስሌት የሚያድገው ፍጥነቱ በራሱ እየተባዛ ነው። ከ30 ወደ 60 የሄደ መኪና የሚይዘው ጉልበት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ስዊድኖች በ1997 እ.ኤ.አ. መንገድ ላይ ማንም እንዳይሞት የሚለውን ፖሊሲያቸውን ሲያወጡ የወሰኑን ጥያቄ ከሾፌሩ ልማድ አንስተው ወደ ሰው አካል ያዞሩት በዚህ ምክንያት ነው። በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡ ሚኒስትሮችም እግረኛና ተሽከርካሪ አዘውትረው በሚቀላቀሉበት ቦታ 30 ጣሪያ እንዲሆን በመግለጫቸው አስገብተዋል።

«ልጁስ አይቶ ለምን አይሻገርም?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ወላጅም፣ ትራፊክም፣ መምህርም ይህን ይላል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን ጊዜ ሰጥቼ ልናገር። ከሩቅ የሚመጣ መኪና በዓይናችን ውስጥ ትንሽ ምስል ነው። መቅረቡን የምናውቀው ምስሉ እያደገ በመሄዱ ነው። ችግሩ ፈጣን መኪና ለመድረስ አምስት ሰኮንድ ሲቀረው ገና ሩቅ ነው፤ ሩቅ ስለሆነ ምስሉ የሚያድገው በጣም በዝግታ ነው። ለንደን አጠገብ ባለው የሮያል ሆሎዌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሆኑ ልጆች በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ የሚመጣ መኪና እየቀረበ መሆኑን በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት እንደማይችሉ አሳይተዋል። አዋቂው ይለየዋል፤ የልጁ ዓይንና አእምሮ ግን ገና አልደረሱበትም። እናም በ60 የሚመጣውን ሚኒባስ ልጁ አይቶታል፤ የቆመ መስሎት ነው የገባው። ምክር ይህን አያስተካክልም። የሚያስተካክለው መኪናው የልጁ ዓይን ሊያነበው ወደሚችለው ፍጥነት መውረዱ ነው።

በሩ ላይ ያለው አደጋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እኩል አይደለም። በብዙ አገሮች የትምህርት ቤት ወሰን የሚሠራው ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ብልጭ የሚል መብራት ያስታውቃል። የእኛ ነገር ይለያል። በፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ጠዋት ይገባል፣ እኩለ ቀን ላይ የጠዋቱ ይወጣል፣ የከሰዓቱ ይገባል፣ ማታ ይወጣል። እኩለ ቀን ላይ ሁለቱ ፈረቃዎች አንድ በር ላይ ይገናኛሉ፤ የሚገባው የሚወጣውን ይገፋል፣ የተገፋው አስፋልት ላይ ይወርዳል። ብዙዎቹም ረጅም መንገድ በእግራቸው የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ከሰዓቱ ቀደም ብለውም ዘግይተውም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሰዓት የተቆጠረለት ወሰን እዚህ አይሠራም፤ ቀኑን ሙሉ የሚቆም ቁጥር ያስፈልጋል።

ገበያ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ትምህርት ቤት ላይ የምንፈራው ድንገት ብቅ የሚለውን አንድ ልጅ ነው። ገበያ ላይ ሁሉም ሰው ታይቷል፤ ችግሩ መንገዱ ራሱ ገበያ መሆኑ ነው። በገበያ ቀን ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ የሚገባ ሾፌር ገና ከከተማው ሳይደርስ ገበያው ይቀበለዋል። በግ የሚነዳ ሰው ዓይኑ ከበጎቹ ላይ አይነሳም፤ ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቷል። ከበጎቹ አንዱ ጥሩንባ ሰምቶ ከደነገጠ መንጋው የሚከተለው እሱን እንጂ የመንገዱን ዳር አይደለም። የተጫነ አህያ ከጭነቱ ጋር ሁለት ሰው የሚያክል ስፋት ይይዛል። ጉልት የያዙት ሴቶች ዕቃቸውን አስፋልቱ ጫፍ ድረስ ይዘረጋሉ፤ ይህን የሚያደርጉት ባለማወቅ አይደለም፤ ከአውቶቡስ የሚወርደው ገዢ መጀመሪያ የሚረግጠው እዚያ ስለሆነ ነው። ገበያተኛ ዜብራ ላይ አይሻገርም፤ በጠቅላላው ርዝመት ላይ፣ በፈለገበት፣ ሽንኩርት ባየበት ይሻገራል።

ስለዚህ የገበያ ወሰን ከአንድ ነጥብ ይልቅ መስመርን መሸፈን አለበት፤ ከመጀመሪያው ጉልት እስከ መጨረሻው የበግ ተራ። ብዙ ቦታ የማየው ስሕተት ምልክቱ ከገበያው መሐል መተከሉ ነው፤ ሾፌሩ ሲያነበው ግማሹን አልፎታል። ሌላው የሚረሳው ሰዓቱ ነው። ገበያ ሲቆም ሰው ከየአቅጣጫው ተበትኖ ይመጣል፤ ሲፈታ ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ መንገድ ላይ ይወጣል። ጀምበር እየጠለቀች ነው፤ አንዳንዱ ጠላ ቀማምሷል፤ በርኖሱ በምሽት ብርሃን ከመንገዱ አይለይም፤ ሾፌሩም ሳይመሽ ለመግባት ይቸኩላል። የገበያው ጩኸት ከሚበረታበት ከእኩለ ቀን ይልቅ አስቸጋሪው ይህ ሰዓት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ሕዝቡ ራሱ መኪናውን ያስቆመዋል።

እስካሁን መንገዱን ለጥ ያለ አድርገን ነበር። መንዝና መርሐቤቴ ግን ለጥ ያሉ አይደሉም። 18 ሜትራችንን ይዘን ወደ ቁልቁለት እንሂድ። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወርድ መንገድ፣ ዝናብ የነካው አስፋልት፣ የተጫነ አሮጌ የጭነት መኪና። ፍሬኑ አሁን ጭነቱን ብቻ ሳይሆን ቁልቁለቱንም መታገል አለበት። ስሌቱን ብንሠራው በ30 እንኳ ለመቆም 25 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ልጃችንን ይመታዋል ማለት ነው። በ40 ከሆነ ወደ 40 ሜትር። ሠላሳ ቅዱስ ቁጥር አይደለም፤ ለደረቅ ሜዳ የተሰላ ነው። ከረጅም ቁልቁለት ግርጌ ያለ ትምህርት ቤት 20 ቢጻፍለት ማጋነን አይደለም።

በዚያ ላይ የደጋው ሾፌር አንድ ልማድ አለው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በዳገት ይደክማል፤ የተጫነ መኪና ያቃስታል። ሾፌሩም በዳገት የዘገየውን በቁልቁለት ለማካካስ ይለቅቀዋል፤ አንዳንዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ አድርጎ። ማርሽ የሌለው መኪና በሞተሩ አይያዝም፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ሲግል ደግሞ መያዙ ይቀንሳል። የሚያሳዝነው ወንዝና ውሃ ባለበት ግርጌ ወይም ቁልቁለቱ በሚያበቃበት ለጥ ያለ ቦታ ላይ መንደርና ገበያ መኖሩ ነው። ሰው የሠፈረው ለጥ ያለ መሬት ፈልጎ ነው፤ የጋለ ፍሬን የሚደርሰውም እዚያው ነው።

ቁጥሩ ተገኘ እንበል፤ ቀይ ቀለበት ውስጥ 30 ተጽፎ ቆመ። ከዚያስ? ታፔላ ብቻውን መኪና አያቆምም። በ80 ለአንድ ሰዓት የነዳ ሰው ወደ 50 ሲወርድ የቆመ ያህል ይሰማዋል፤ ዓይኑ ፍጥነቱን ለምዶታል። ስለዚህ ከ80 ወደ 30 በአንድ ታፔላ አይወረድም። ሳይደናበሩ በዝግታ ለመቀነስ ከ80 ወደ 50 ለመውረድ 150 ሜትር ያህል፣ ከ50 ወደ 30 ደግሞ 60 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ምልክቱ ከዚህ ቀርቦ ከተተከለ ሾፌሩ ልጆቹ ጋ ሲደርስ ገና እየቀነሰ ነው፤ በጣም ርቆ ከተተከለ ደግሞ ከፊቱ ምንም ስለማያይ ይንቀዋል፤ አንዴ የናቀውን ታፔላ ሌላ ቀንም አያምነውም።

የሚያዋጣው የመንገዱ ቅርጽ ቁጥሩን እንዲደግፈው ማድረግ ነው። ጋና ውስጥ ከአክራ ወደ ኩማሲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ሱሁም የሚባል መገናኛ አለ። ከመገናኛው በፊት አስፋልቱን የሚያቋርጡ፣ ጎማ ሲረግጣቸው የሚያንቀጠቅጡ ዝቅተኛ ሽንትሮች ተሠሩ። አደጋው በ35 በመቶ፣ የሚሞተው ሰው በ55 በመቶ ቀነሰ። ይህን ምሳሌ የምወደው እንደኛው ረጅም መንገድና እንደኛው መንገድ ዳር ገበያ ባለበት አገር ስለተሠራ ነው። ዳሬሰላም ውስጥ ተጀምሮ በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘው የትምህርት ቤት አካባቢ ፕሮጀክትም የተመሠረተው በርካሽ ነገሮች ላይ ነው፤ ጉብታ፣ ዜብራ፣ የእግረኛ መንገድ፣ አንዳንዴም የትምህርት ቤቱን በር ከዋናው መንገድ አንስቶ ወደ ጎን ማዞር። በር ማዞር ለእኛ ትምህርት ቤቶች ከሁሉ የሚቀል ይመስለኛል፤ አጥሩ ብዙ ጊዜ ድንጋይ ወይም ቆርቆሮ ነው።

ጉብታም ቢሆን እንደ አሠራሩ ነው። በአገራችን መንደርተኛው ልጅ ከተገጨበት በኋላ በራሱ እጅ አፈርና ድንጋይ ከምሮ ጉብታ ይሠራል፤ ሐዘኑ ይገባኛል። ነገር ግን አጭርና ሹል ጉብታ ሾፌሩ ላይ ሳይሆን ሱስታው ላይ ያተኩራል፤ ቀለም ከሌለው ደግሞ በማታ ሞተር ሳይክል ይጥላል። ለ30 የሚሆነው ጉብታ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ርዝመቱ ወደ 3.7 ሜትር፣ ከፍታው ከመሐል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ እንደ ቅስት የጎበጠ። በ30 የሄደ ሰው ቀስ ብሎ ይነሳል ይወርዳል፤ በ50 የሄደ ሰው ከወንበሩ ይነሳል። በቁልቁለት መሐል ግን ጉብታ አይሠራም፤ የጋለ ፍሬን የያዘ መኪና ሊገለበጥበት ይችላል። እዚያ መጀመር ያለበት ከቁልቁለቱ አናት፣ መኪናው ማርሽ ከሚቀንስበት ቦታ ነው።

ሾፌሮች የሚያነሱት የጊዜ ክርክርም በቁጥር ይፈታል። የትምህርት ቤቱ ክልል 300 ሜትር ቢሆን በ60 የሚያልፈው 18 ሰኮንድ ይፈጅበታል፤ በ30 የሚያልፈው 36። ልዩነቱ 18 ሰኮንድ ነው። አንድ ረዳት አንድ ተሳፋሪ አውርዶ በሩን ለመዝጋት ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ወሰኑ መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ደግሞ ራዳር የግድ አይደለም። መንገዱ ዳር ሁለት ድንጋዮች በ50 ሜትር ርቀት ይቀመጣሉ፤ ሰዓት የያዘ ሰው ራቅ ብሎ፣ ሾፌሩ በማያየው ቦታ ይቆማል። ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው 6 ሰኮንድ የፈጀበት መኪና በ30 ሄዷል፤ 3 ሰኮንድ የፈጀበት በ60። በሰልፍ የሚከተሉትን ትቶ ነጻ መንገድ ያላቸውን መቶ መኪኖች መዝግቦ መደርደር ነው። 85ኛው ቁጥር እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ወሰኑን ለመምረጥ ሳይሆን ወሰኑ ምን ያህል እንደተናቀ ለማንበብ። 85ኛው 33 ከሆነ ታፔላው እየሠራ ነው። 48 ከሆነ ታፔላው ብቻውን ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው አስፋልት አሁንም «ሂድ» እያለ ነው። ልኬቱ አንዴ በገበያ ቀን፣ አንዴ በአዘቦት፣ አንዴ ፈረቃ በሚቀያየርበት ሰዓት ቢወሰድ ይመረጣል፤ የዳገቱና የቁልቁለቱ መኪኖች ደግሞ በፍጹም በአንድ ዝርዝር መግባት የለባቸውም፤ በዳገት የሚያቃስቱት በቁልቁለት የሚበሩትን ሸፍነው አማካዩን ጥሩ ያስመስሉታልና።